የቻት ታሪክ፦ ሙሉውን መላክ ወይስ የመጨረሻዎቹን ብቻ?

ቻትቦት ስንሠራ የቋንቋ ሞዴሉ ኤፒአይ ያለፈውን ጥሪ ካላስታወሰ፣ መልእክቶቹን ዳታቤዝ ውስጥ አስቀምጠን በየጥሪው መልሰን እንልካለን። ግን ምን ያህሉን?

ሙሉውን፦ ኮዱ ቀላል ነው፤ በ`conversation_id` ፈልጎ በቅደም ተከተል መላክ ብቻ። ወጪው ግን ያድጋል፤ አንድ መልእክት 200 ቶክን ቢሆን፣ 40ኛው ላይ አንዱ ጥሪ ብቻ 8,000 ቶክን ይፈጃል።

የመጨረሻዎቹን 10፦ ጥሪው 2,000 ቶክን አካባቢ ይቆያል። አደጋው አቆራረጡ ላይ ነው። ሞዴሉ ያደረገው የቱል ጥሪ ተቆርጦ ውጤቱ ብቻውን ከቀረ፣ ብዙ ኤፒአይዎች ጥያቄውን ሳይቀበሉ የስህተት መልእክት ይመልሳሉ። ስለዚህ የሚላከው ክፍል ሁልጊዜ ተጠቃሚው ራሱ ከጻፈው መልእክት ይጀምር፤ የሲስተም መመሪያውም አይቅር። ደግሞ የሚቆረጠው ሲላክ እንጂ ከዳታቤዙ አይደለም።

በጥቂት ምልልስ ለሚያልቅ የደንበኛ ጥያቄ ሙሉውን እመርጣለሁ። ለሳምንታት ለሚቀጥል ውይይት ሁለተኛው ይሻላል፤ መጀመሪያ ላይ የተነገረ ነገር የሚያስፈልግ ከሆነ ግን አጭር ማጠቃለያ አብሮ ይላክ።