ለድመት የድመት ምግብ ወይስ የውሻ ምግብ?

ውሻና ድመት አብረው ሲኖሩ ለሁለቱም አንድ ዓይነት ምግብ መግዛት ይቀላል፤ ድመቷን ግን ይጎዳል። ውሻ የሚበላው ፕሮቲን ሲያንስ ጉበቱ ፕሮቲን የሚያፈርሱትን ኢንዛይሞች ሥራ ይቀንሳል። ሥጋ በል ሆና የተፈጠረችው ድመት ይህን የምትችለው በጣም በጥቂቱ ነው፤ ስለዚህ ፕሮቲኑ ሲያንሳት የራሷን ጡንቻ ታፈርሳለች። በአሜሪካ መስፈርት መሠረት ውሃው ተቀንሶ ሲሰላ፣ የአዋቂ ውሻ ምግብ ቢያንስ 18፣ የድመት ደግሞ 26 በመቶ ፕሮቲን ሊኖረው ይገባል። የውሻው ከረጢት ላይ ፕሮቲን 21፣ ውሃ 10 በመቶ ተብሎ ከተጻፈ፣ 21ን ለ90 ስናካፍል 23 በመቶ ገደማ ይሆናል። ለውሻው በቂ ነው፤ ለድመቷ ይጎድላል።

ታውሪን የተባለው፣ ለልብና ለዓይን የሚያስፈልገው ንጥረ ነገር ሲጎድል ደግሞ ይብሳል። ውሻ በአብዛኛው ታውሪንን ራሱ ስለሚሠራ በምግቡ ውስጥ መኖሩ ግዴታ አይደለም። ድመት የምትሠራው አይበቃትም፤ ያላትንም ከሐሞቷ ጋር ዘወትር ታጣለች። ስለዚህ ለእሷ ደረቅ ምግብ 0.1፣ ለቆርቆሮ ምግብ 0.2 በመቶ ታውሪን ይጠየቃል። የቆርቆሮው የሚበልጠው፣ በፋብሪካ ሲበስል የሚደርስበት ለውጥ በአንጀት ውስጥ የሚጠፋውን ታውሪን ስለሚጨምር ነው።

ጉዳቱ የሚታየው ከወራት በኋላ ነው፤ ልብ ይሰፋና ይደክማል፣ ትንፋሽ ይፈጥናል፣ በዓይን ውስጥ ብርሃን የሚቀበለው ሬቲናም ይሞታል። ታውሪን ቶሎ ከተሰጣት ልቧ ሊያገግም ይችላል፤ የሞተው ሬቲና ግን አይመለስም። አልፎ አልፎ ከውሻው ሳህን ብትቀምስ አያሰጋም፤ የሚጎዳት የዘወትር ቀለቧ ሲሆን ነው።