አንገቱ የሚነቀል ማኒኪን ወይስ ተራው? የሀበሻ ቀሚስ በኦንላይን ለምትሸጡ

ቀሚሱ ሰው እንደለበሰው ሞላ ብሎ እንዲቆም፣ የማኒኪኑ አንገት ግን እንዳይታይ ከፈለጋችሁ ሁለት መንገድ አለ። ሁለቱንም ሠርቼባቸዋለሁ። ለሀበሻ ቀሚስ የማዳላው ለተራው ማኒኪን ነው፤ ምክንያቱን ልንገራችሁ።

በተራው ማኒኪን ሁለት ፎቶ ይነሳል። መጀመሪያ ቀሚሱን አልብሳችሁ ከፊት ታነሳላችሁ። ከዚያ ውስጡን ወደ ውጭ ገልብጣችሁ መልሳችሁ ታለብሱትና የኋላ አንገቱን ከጀርባ በኩል ታነሳላችሁ። በሁለቱ መሃል ካሜራውም መብራቱም ከቦታቸው አይነቃነቁ። ፎቶሾፕ ላይ የማኒኪኑን አንገት በ Pen Tool ትቆርጡና ሁለተኛውን ፎቶ ከሥር ታስገባላችሁ። ገልብጣችሁ ስታነሱት ጨርቁ ወደ ውጭ ያበጠ ነበር፤ ከፊት ሲታይ ግን ወደ ውስጥ የጎደጎደ መሆን አለበት። ስለዚህ ጠርዙን በ Warp እያጎበጣችሁ ከትከሻው ስፌት ጋር ታጋጥሙታላችሁ።

ብዙ ሰው እዚህ ጋ ጨርሻለሁ ይልና ያቆማል። ፎቶው ግን ወረቀት የተለጠፈበት ይመስላል፤ ጥላ የለውማ። በሁለቱ ፎቶዎች መሃል አዲስ ሌየር ክፈቱ፤ Multiply አድርጉት። ከፊተኛው አንገት ጠርዝ ሥር ለስለስ ባለ ብሩሽ ስስ ግራጫ ቀቡ። ጥቁር አትጠቀሙ፤ ነጭ ሸማ ላይ እድፍ ይመስላል። ደረስኩበት የምትሉት አንገቱ ጥልቀት ያለው ሲመስላችሁ ነው።

የሚነቀለው ማኒኪን ይህን ሁሉ ያቀልላችኋል። የአንገቱና የደረቱ ቁራጭ ሲወጣ የኋላ አንገቱ ውስጥ በዚያው ፎቶ ላይ ከነጥላው ይታያል። ወፈር ላለ ጨርቅና ፊቱ ለተከፈተ ጃኬት እኔም እሱን ነው የምመርጠው።

ሸማ ግን ስስ ነው። ቁራጩ በወጣበት ቦታ ጨርቁን የሚደግፈው ስለሌለ ወደ ውስጥ ይሰምጣል። ይህን በዓይን ለማወቅ ደረቱ ላይ የሚወርደውን ጥበብ ተመልከቱ። ቀጥ ብሎ መውረድ ሲገባው መሃል ላይ ከጎበጠ ጨርቁ ሰምጧል ማለት ነው። ያን በፎቶሾፕ ማቃናት አንገት ከመገጣጠም ይብሳል፤ እያንዳንዱ የጥበቡ መስመር አብሮ ይጣመማልና።

የሚነቀለውን ለመግዛት ከቆረጣችሁ ሜትር ይዛችሁ ሂዱ። የቀሚሶቻችሁን አንገት ጥልቀት ከትከሻ ጀምራችሁ ለኩ፤ ከዚያ የሚነቀለውን ቁራጭ ለኩት። የቀሚሱ አንገት ከቁራጩ ዝቅ ካለ የማኒኪኑ ጠርዝ ብቅ ይላል፤ እንደገና መቁረጥ ሊኖርባችሁ ነው። ከቁራጩ በጣም ከፍ ካለ ደግሞ ከላይ ያልኩት መስመጥ ይመጣል።

የትኛውንም ብትገዙ ነጭና የማያብረቀርቅ ይሁን። ባለ ቀለሙ በሸማው ውስጥ አሳልፎ ይታያል። ከጀርባው የምታደርጉት ግን ነጭ ሳይሆን ፈዛዛ ግራጫ ይሁን፤ አለበለዚያ የነጩ ቀሚስ ጠርዝ ይጠፋና ስትቆርጡ የቱ ጋ እንደሚያልቅ አታውቁትም።