ስልክ ስትቀይሩ፦ በኬብል፣ በጂሜይል ወይስ በሱቅ?

ድሬዳዋ ውስጥ ስልክ የሚገዛ ሰው ብዙ ጊዜ አሮጌውን ሰጥቶ፣ ጨምሮ ነው የሚቀይረው። ጣጣውም የሚመጣው ከዚያ ነው። አሮጌው ስልክ በዚያው ሰዓት ሱቅ ይቀራል፤ ያልተገለበጠ ነገር ካለ አብሮ ይቀራል። ስለዚህ ገና ዋጋ ከመነጋገራችሁ በፊት ዕቃችሁን በየትኛው መንገድ እንደምታሻግሩ ቁረጡ። መንገዱ ሦስት ነው፦ በኬብል ራስ መገልበጥ፣ በጂሜይል በኩል ኢንተርኔት ላይ አስቀምጦ ማውረድ፣ ወይም ለሱቅ ልጅ ከፍሎ ማሠራት።

አንዱ ብቻውን ሁሉንም አያሻግርም። ስልክ ቁጥር፣ ፎቶና ቻት የሚቀመጡበት ቦታ ለየቅል ነው።

የአክስቴን ስልክ እንደ ምሳሌ እንውሰደው። መጋላ ልብስ ትሸጣለች። የደንበኞቿ ቁጥር፣ የዕቃ ፎቶ፣ ማን ስንት ዱቤ እንዳለበት፣ ሁሉም እዚያው ስልክ ውስጥ ነው። ስልኩ 64 ጊጋ ሲሆን ፎቶና ቪዲዮው 22 ጊጋ፣ ዋትሳፕ ደግሞ 6 ጊጋ ያህል ይዟል።

ከቁጥሮቹ እንጀምር። እዚህ ላይ ጂሜይል ያሸንፋል፤ ቁጥር ኢንተርኔት አይበላም፣ በትንሽ ፓኬጅም ያልቃል። ግን መጀመሪያ ቁጥሮቹ የት እንደተቀመጡ እዩ። አንድ ስም ከፍታችሁ ስትመለከቱ ጂሜይል፣ ሲም ወይም ስልኩ ራሱ ብሎ ያሳያችኋል። የአክስቴ ግማሹ ሲም ላይ፣ ግማሹ ስልኩ ላይ ነበር፤ ጂሜይል ላይ ምንም የለም። ሲም ላይ የተቀመጠ የአማርኛ ስም ደግሞ ቦታ ስለማይበቃው ይቆረጣል፤ «ወይዘሮ» ብቻ የሚል ስም በርከት ብሎ ካያችሁ ምክንያቱ ይኸው ነው።

መፍትሔው ሁሉንም ወደ አንድ ፋይል ማውጣት ነው። በስልክ ቁጥሮች ማውጫው ማስተካከያ ውስጥ Export የሚለውን ስትነኩ መጨረሻው .vcf የሆነ ፋይል ይወጣል። ፋይሉን አዲሱ ስልክ ላይ ስትከፍቱት የት ላስቀምጥ ብሎ ሲጠይቅ ጂሜይሉን ምረጡ። ፋይሉን በጽሑፍ መክፈቻ ብታዩት የአማርኛ ስሞች =E1=8A=A0 የሚመስል ነገር ሆነው ሊታዩ ይችላሉ፤ አትደንግጡ፣ «አ» የምትለዋ ፊደል በኮድ ስትጻፍ ነው። አዲሱ ስልክ የስም ዝርዝር ውስጥ እንዲያ ሆኖ ከቀረ ግን ፋይሉ በትክክል አልተነበበም ማለት ነው።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። የብዙ ሰው ጂሜይል ስልኩ ሲገዛ የሱቅ ልጅ ያወጣለት ነው። የይለፍ ቃሉን ባለቤቱ አያውቀውም፤ ልጁም ረስቶታል። አሮጌው ስልክ እጃችሁ ላይ እያለ የይለፍ ቃሉን ቀይሩ፤ አለዚያ አዲሱ ላይ መግባት አትችሉም።

ፎቶ ላይ ጂሜይል ይሸነፋል። በነፃ የሚሰጠው 15 ጊጋ ነው፤ እሱም ኢሜይልና ሌላ ፋይል ይጋሩታል። የአክስቴ 22 ጊጋ ከነአካቴው አይገባም። ተጨማሪ ቦታ እንግዛ ብንል ክፍያው በውጭ ምንዛሪ ካርድ ነው። ቦታው ቢኖር እንኳ ጊዜውን አስቡት፦ በሰከንድ 5 ሜጋቢት በሚልክ ኢንተርኔት 22 ጊጋ ለመጫን ወደ 10 ሰዓት ይፈጃል፤ ያውም መብራትና ኔትወርክ ካልተቋረጠ። በድሬ ሙቀት ስልኩ ይግልና ራሱን ያቀዘቅዛል፣ ሥራውም ይዘገያል።

በኬብል ያው 22 ጊጋ ግማሽ ሰዓት አካባቢ ቢፈጅ ነው። ሁለቱም ስልኮች ታይፕ ሲ ከሆኑ ሁለቱም ጫፉ ታይፕ ሲ የሆነ ኬብል ይበቃል። አሮጌው ጠባቡ መሰኪያ ካለው ኦቲጂ የሚባለውን ትንሿን ማገናኛ ጨምሩ። ሲገዙ «ዳታ ያሳልፋል ወይ?» ብሎ መጠየቅ ነው፤ ቻርጅ ብቻ የሚያደርግ ኬብል ሞልቷል። ሰክታችሁት ቻርጅ ከማድረግ ሌላ ምንም ካልመጣ፣ መጀመሪያ የፋይል ማስተላለፍ ፈቃዱን አረጋግጡ፤ እሱም ከሌለ ኬብሉን መልሱ።

አዲሱ ስልክ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲከፈት ራሱ «ከሌላ ስልክ ልገልብጥ?» ብሎ ይጠይቃል። ሻጩ ስልኩን ሲሞክርላችሁ ያንን ገጽ ዘሎት ያልፋል። ብዙ ስልኮች ላይ ገጹን መልሶ ለማግኘት ስልኩ ላይ ያለውን ሁሉ አጥፍቶ እንደ አዲስ መጀመር ያስፈልጋል። ስለዚህ «እሱን አትንካብኝ፣ እኔው ራሴ እጨርሰዋለሁ» በሉት። ሳምሰንግ የገዛ ግን አይቸኩል፤ Smart Switch የሚባለው አፕ በማንኛውም ጊዜ ይሠራል።

ፎቶውን ለራሳችሁ በዋትሳፕ ልካችሁ አታሻግሩ። ጥራቱ ይወርዳል፣ የተነሳበት ቀንም ይጠፋል።

አሁን ወደ ቻቱ። ብዙ ሰው የሚያለቅሰው እዚህ ጋ ነው። ኬብሉም ሆነ የሱቁ ዜንደር የዋትሳፕን አፕ ያሻግራሉ፤ አክስቴ የዱቤ ሒሳቧን ያስቀመጠችበትን መልእክት ግን አያሻግሩም። ለዚህ ዋትሳፕ የራሱ መንገድ አለው። አሮጌው ስልክ ላይ Settings ከዚያ Chats ከዚያ Transfer chats ትነካላችሁ። አዲሱ ላይ ዋትሳፕ ጭናችሁ ቁጥሩን ታስገባላችሁ፤ ከአሮጌ ስልክ ላምጣ ሲል እሺ ትሉና የሚወጣውን ካሬ ኮድ በአሮጌው ካሜራ ታነሳላችሁ። ሁለቱም ስልኮች አንድ ዋይፋይ ላይ፣ አጠገብ ለአጠገብ ይሁኑ። መረጃው ከስልክ ወደ ስልክ ስለሚሄድ 6 ጊጋውም ቢሆን ፓኬጅ አይጨርስም። እስኪያልቅ አፑን አትዝጉ።

ቁጥሩ የግድ ያው መሆን አለበት። ሳፋሪኮም ነሐሴ 2014 ዓ.ም. ሥራውን ሙከራ ብሎ የጀመረው እዚሁ ድሬዳዋ ስለሆነ 09ኝም 07ትም የያዘ ብዙ ነው። አዲስ ስልክ ገዝቶ ዋትሳፑን በሌላኛው ቁጥር የከፈተ ሰው ባዶ ቻት ነው የሚያገኘው። በአሮጌው ቁጥር አሻግሩ፣ ከዚያ ቁጥር መቀየር ከፈለጋችሁ ዋትሳፕ ውስጥ Change number አለ።

አዲሱ ስልክ ላይ ባዶ ዋትሳፕ ከመጣባችሁ ወዲያውኑ አጥፉትና እንደገና ጫኑት። ዝም ብላችሁ ከተጠቀማችሁበት ማታ ባዶውን ባክአፕ አድርጎ ድራይቭ ላይ ያለውን የድሮውን ይሽረዋል።

ቴሌግራም ቀላል ነው፣ መልእክቱ እዚያው ሰርቨሩ ላይ ስለሆነ ስትገቡ ይመጣል። የመግቢያ ኮዱ ግን መጀመሪያ የሚመጣው በአሮጌው ስልክ ቴሌግራም ውስጥ ነው። ምስጢራዊ ቻት የሚባለው ደግሞ አይሻገርም።

ሱቁስ? ስልክ ለመንካት ለሚፈራ ሰው አይከፋም፤ ግን ፒኑን ለማያውቁት ሰው መስጠት አለ፣ ቻቱም ብዙ ጊዜ ይዘለላል። የምታሠሩ ከሆነ አጠገቡ ቁሙና ካሬ ኮዱን ራሳችሁ አንሱ። የእኔ ምርጫ ቁጥሩን በጂሜይል፣ ፎቶውን በኬብል፣ ቻቱን በዋትሳፕ በራሱ ነው።

አሮጌውን ከመስጠታችሁ በፊት በጣም የቆየውን ፎቶ፣ አንድ ረጅም ቪዲዮና የዓምናውን ቻት አዲሱ ላይ ክፈቱ፤ የፎቶውን ብዛትም ከአሮጌው ጋር አስተያዩ። ከተቻለ አሮጌውን ሳምንት ያህል ያዙት፣ የረሳችሁት ነገር የሚታወሳችሁ ያኔ ነው። ሲበቃችሁ መጀመሪያ ጂሜይላችሁን ከማስተካከያው አስወጡ፣ ከዚያ ስልኩ ላይ ያለውን ሁሉ አጥፉ። ቅደም ተከተሉ ከተዛባ ስልኩ የእናንተን ጂሜይል እየጠየቀ ሊቆለፍ ስለሚችል የገዛው ሰው እናንተኑ ሲደውልላችሁ ይውላል።