የንብረት እርጅና ለግብር ሲታሰብ፦ ቀጥተኛው ዘዴ ወይስ እየቀነሰ የሚሄደው?

አዲስ ማሽን የገዛ ወዳጅ ሁሉ ዓመት ሊዘጋ ሲል ያንኑ ጥያቄ ይዞልኝ ይመጣል፦ «የእርጅና ቅናሹን በየትኛው ዘዴ ባስይዘው ይሻላል?» ለአንዱ የመለስኩትን ለሌላው መድገም ስለታከተኝ እዚህ ጽፌዋለሁ። አቋሜን አስቀድሜ ልናገር። ድርጅቱ ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ የሚያተርፍ ከሆነና ሕጉ የሚፈቅደው መቶኛ ደህና ከሆነ፣ እኔ የምመርጠው እየቀነሰ የሚሄደውን ዘዴ ነው። «ደህና ከሆነ» ያልኩት ለወጉ አይደለም፤ ብዙ ሰው የሚጎዳው እዚያው ላይ ነው።

አንድ ማተሚያ ቤት በ1,000,000 የማተሚያ ማሽን ገዛ እንበል። የአገልግሎት ዘመኑ 5 ዓመት ነው፤ ሲያልቅ የሚሸጥበት ዋጋ የለውም። ድርጅቱ የእርጅና ቅናሽ ከመነሣቱ በፊት በየዓመቱ 500,000 ያተርፋል፤ የግብሩ መጣኔ 30 በመቶ ነው። በቀጥተኛው ዘዴ በየዓመቱ ከመነሻ ዋጋው 20 በመቶ፣ ማለትም 200,000 ይቀነሳል። በሌላው ዘዴ መቶኛው እጥፍ፣ 40 በመቶ ይሁን፤ ግን የሚሰላው ከመነሻ ዋጋው ላይ ሳይሆን ካለፈው ዓመት ከተረፈው የመዝገብ ዋጋ ላይ ነው።

| ዓመት | ቅናሽ በቀጥተኛው | ግብር የሚከፈልበት ትርፍ | ቅናሽ እየቀነሰ በሚሄደው | ግብር የሚከፈልበት ትርፍ |
|---|---|---|---|---|
| 1 | 200,000 | 300,000 | 400,000 | 100,000 |
| 2 | 200,000 | 300,000 | 240,000 | 260,000 |
| 3 | 200,000 | 300,000 | 144,000 | 356,000 |
| 4 | 200,000 | 300,000 | 86,400 | 413,600 |
| 5 | 200,000 | 300,000 | 51,840 | 448,160 |

በአንደኛው ዓመት ቀጥተኛውን የመረጠ 90,000 ግብር ይከፍላል፤ ሌላውን የመረጠ 30,000 ብቻ። በሁለተኛው ዓመት 90,000 እና 78,000 ይሆናል። ሁለት ዓመት ሲሞላ እየቀነሰ የሚሄደውን የመረጠው ነጋዴ እጅ ላይ 72,000 ተጨማሪ ገንዘብ አለ። ከሦስተኛው ዓመት ጀምሮ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ የዘገየው ግብር ተራ በተራ መምጣት ይጀምራል። ስለዚህ ይህ ገንዘብ ስጦታ አይደለም። መንግሥት ያለ ወለድ ያበደረው ብድር ነው ቢባል ከእውነቱ አይርቅም።

ያለ ወለድ መሆኑ ላይ ነው እኔ የምጨነቀው። ማሽኑ በባንክ ብድር የተገዛና የብድሩ ወለድ በዓመት 15 በመቶ ከሆነ፣ የዘገየውን ግብር ወስዶ ዕዳውን ቀድሞ የከፈለ ሰው ከዚያ ወለድ ይድናል። 60,000 አንድ ዓመት ሲቆይ 9,000፣ 72,000 ደግሞ በተከታዩ ዓመት 10,800 ያተርፋል። ይህን ስሌት እስከ መጨረሻው ከገፉት፣ ቀጥሎ የምናገረው ወደ ቀጥተኛው ዘዴ መዞር ተጨምሮበት፣ በድምሩ 32,220 ይደርሳል። ማሽኑን ሲገዙ ለ10,000 ቅናሽ ግማሽ ቀን የሚከራከሩ ሰዎች ይህን ሳያዩት ያልፋሉ።

መዞር ያልኩት ይህ ነው። ሠንጠረዡን የተከታተለ አንባቢ አምስቱ ዓመታት ሲያልቁ አንድ ነገር መጉደሉን ያያል። እየቀነሰ በሚሄደው ዘዴ የተቀነሰው ሁሉ ቢደመር 922,240 ነው፤ 77,760 በመዝገቡ ላይ ቀርቷል። ይህ የስሌት ስሕተት አይደለም፤ ከቀሪ ላይ ሁልጊዜ ከፊሉን ብቻ የሚቀንስ ስሌት ዜሮ ላይ አይደርስም። መፍትሔው፣ ሕጉ ሲፈቅድ፣ በመካከል ወደ ቀጥተኛው መዞር ነው። በአራተኛው ዓመት መግቢያ ላይ የመዝገቡ ዋጋ 216,000 ነው። ለቀሩት ሁለት ዓመታት እኩል ሲካፈል 108,000 ይደርሳቸዋል፤ ይህም 40 በመቶው ከሚሰጠው ከ86,400 ይበልጣል። ደንቡ ቀላል ነው፤ ቀሪው ለቀሩት ዓመታት ተካፍሎ ከመቶኛው ስሌት በበለጠበት ዓመት ይዞራል። እንዲህ ሲደረግ በአምስቱ ዓመት የሚከፈለው ግብር በሁለቱም መንገድ 450,000 ላይ ይገጥማል፤ ልዩነቱ የሚከፈልበት ጊዜ ብቻ ይሆናል። መዞር የማይፈቅድ ሕግ ካለ ግን ያ ጅራት ማሽኑ እስኪሸጥ ወይም እስኪወገድ ድረስ ይጎተታል።

አሁን ወደ ዋናው ወጥመድ። እየቀነሰ የሚሄድ የሚባለው ሁሉ አንድ አይደለም፤ ስሙን ብቻ የያዘ አለ። አንዳንድ ሕግ ለቀጥተኛው 20 በመቶ ሲሰጥ ለዚህኛው እጥፉን ሳይሆን 25 በመቶ ብቻ ይፈቅዳል። «25 ከ20 ይበልጣል» ብሎ የፈረመ ሰው ምን እንዳገኘ እንይ። በአንደኛው ዓመት የሚቀነስለት 250,000 ነው፤ ግብሩ በ15,000 ይቀንሳል፤ ደስ ይለዋል። በሁለተኛው ዓመት የሚቀነስለት 187,500 ነው፤ ከወዲሁ ከ200,000 በታች ወርዷል። ሦስተኛው ዓመት ሲዘጋ በድምሩ የቀነሰው 578,125 ነው፤ ቀጥተኛውን የመረጠው ጎረቤቱ 600,000 ቀንሷል። በአምስተኛው መጨረሻ ጎረቤቱ ጨርሷል፤ እሱ ግን ከ237,000 በላይ ያልተቀነሰ ዋጋ ታቅፎ ተቀምጧል። በአንድ ዓመት 15,000 ቀድሞ ለመያዝ ሲል ለዓመታት ከኋላ ሆኖ ይጓዛል።

ለመለየት የሂሳብ ባለሙያ መሆን አያስፈልግም። እየቀነሰ ለሚሄደው የተፈቀደውን መቶኛ ለቀጥተኛው በተፈቀደው ያካፍሉ። ውጤቱ 2 ወይም ወደዚያ የቀረበ ከሆነ ዘዴው የምር ነው። 1.5 ከሆነ፣ በአምስት ዓመት ንብረት ላይ እስከ ሦስተኛው ዓመት መጨረሻ ይመራል፣ በአራተኛው ይቀደማል፤ ገንዘብ ቶሎ ለሚፈልግ ሰው አሁንም ሊያዋጣ ይችላል። 1.25 ከሆነ እኔ ቀጥተኛውን ይዤ አርፌ እተኛለሁ።

እየቀነሰ ወደሚሄደው የሚያደላኝ ሌላው ምክንያት ጥገና ነው። ማሽን በመጀመሪያው ዓመት ዘይትና ጽዳት ይበቃዋል። በአራተኛውና በአምስተኛው ሮለሩ ይላላል፣ የማተሚያ ጭንቅላቱ ይዘጋል፣ መለዋወጫ በየወሩ ይገዛል። ተራ ጥገና በወጣበት ዓመት ሙሉ በሙሉ ከትርፍ ይቀነሳል። ስለዚህ የእርጅና ቅናሹ በሳሳበት ጊዜ የጥገናው ወጪ ቦታውን ይተካል፤ የኋለኞቹ ዓመታት ትርፍ በሠንጠረዡ እንደሚታየው አይገዝፍም። አንድ ጥንቃቄ ግን አለ። የማሽኑን ዕድሜ የሚያራዝም ወይም አቅሙን የሚጨምር ከባድ ሥራ፣ ለምሳሌ ሞተሩን አውጥቶ አዲስ ማስገባት፣ በአብዛኛው እንደ ጥገና አይቆጠርም። በንብረቱ ዋጋ ላይ ተጨምሮ ራሱም በየዓመቱ ይቀነሳል እንጂ በአንድ ጊዜ አይወርድም። ደረሰኙ ላይ «ጥገና» ብሎ ማስጻፍ መርማሪን አያሳምንም። እሱ የሚያየው የተሠራውን ሥራ ነው።

ከዚህ ጋር የሚሄድ አንድ ጉዳይ አይቻለሁ። አንድ ወዳጄ የታወቀ ማሽን አስመስሎ የተሠራ ዕቃ በ600,000 ገዛ። ሁለት ዓመት ሠርቶ ዋናው ሰሌዳው ተቃጠለ፤ የሚተካ መለዋወጫም ጠፋ። ቀጥተኛውን ዘዴ መርጦ ስለነበር እስከዚያ ቀን የቀነሰው 240,000 ብቻ ነው፤ 360,000 መዝገብ ላይ ቀረ። በ40 በመቶው ዘዴ ቢሆን 384,000 ቀንሶ የቀረው 216,000 ይሆን ነበር። ይባስ ብሎ ማሽኑን «ለመለዋወጫ ይሆናል» ብሎ ጥግ አስቀመጠው። በበርካታ ሕጎች የእርጅና ቅናሽ የሚፈቀደው ለሥራ ለሚውል ንብረት ነው፤ የቀረውን ዋጋ እንደ ኪሳራ ለመቀነስ ደግሞ ንብረቱ መሸጡን ወይም መወገዱን የሚያሳይ ሰነድ ይጠየቃል። እሱ ሁለቱም አልነበረውም። ዕድሜው የማያስተማምን ዕቃ የሚገዛ ሰው ቅናሹን ቶሎ ማንሣቱ ይበጀዋል፤ ዕቃው ሲሞት ደግሞ በወግ ያስወግደው።

ቀጥተኛውን የምመክርባቸው ጊዜያት አሉ። የመጀመሪያው ትርፉ ገና ያልመጣ ጀማሪ ድርጅት ነው። ማተሚያ ቤቱ በመጀመሪያው ዓመት ያተረፈው 150,000 ብቻ ቢሆን፣ ቀጥተኛው 50,000 ኪሳራ ሲያሳይ ሌላው 250,000 ያሳያል። በኪሳራ ላይ የሚቀነስ ግብር የለም። ኪሳራው ወደ ቀጣይ ዓመታት ይሸጋገራል፤ ብዙ ሕጎች ግን የዓመት ገደብ ይጥሉበታል፣ ገደቡ ካለፈ ይቃጠላል። ለጥቂት ዓመታት ከግብር ነፃ የተደረገ ድርጅትም እንዲሁ ነው፤ በነፃው ዘመን የተነሣ ትልቅ ቅናሽ ለማንም አይጠቅምም። ሁለተኛው፣ ትርፍ ባደገ ቁጥር መጣኔው የሚያድግበት ግለሰብ ነጋዴ ነው። ትልቁን ቅናሽ ዝቅተኛው መጣኔ ላይ ያባክንና በኋለኞቹ ዓመታት የገዘፈውን ትርፍ በከፍተኛው መጣኔ ይከፍላል። እንዲህ ላለው ሰው በየዓመቱ እኩል የሚመጣ ትርፍ በጠቅላላው ያነሰ ግብር ሊያስከፍለው ይችላል።

ከመፈረም በፊት የሚታይ የመጨረሻ ነገር የግዢው ቀን ነው። ቅናሹ ንብረቱ ሥራ ላይ በዋለባቸው ወራት ልክ የሚሰላ ከሆነ፣ የግብር ዓመቱ ሊያልቅ 3 ወር ሲቀረው ሥራ የጀመረ ማሽን ከ400,000 የሚያገኘው 100,000 ብቻ ነው፤ በቀጥተኛው 50,000። ያ ሁሉ የተወራለት የመጀመሪያ ዓመት የግብር ቅነሳ ከ60,000 ወደ 15,000 ይወርዳል፤ ትልቁ ቅናሽ፣ ከቀሪው 900,000 ላይ 360,000፣ ለሁለተኛው ዓመት ይተላለፋል። አንዴ የተመረጠ ዘዴም ያለ ግብር ባለሥልጣኑ ፈቃድ እንደልብ አይቀየርም፤ ስለዚህ ሒሳቡ መሠራት ያለበት ለመጀመሪያው ዓመት ብቻ ሳይሆን ለአምስቱም ነው።