የደን ካርቦን ለመለካት ምን ልግዛ? የልብስ ሰፊ ሜትር፣ የዲያሜትር ሜትር፣ ካሊፐር ወይስ ሌዘር

እንጦጦ ወይም መናገሻ ሱባ ወጥቶ የደን ካርቦን ሊለካ የሚያስብ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው የመሣሪያውን ነገር ነው። የእኔን ምርጫ ከወዲሁ ልንገራችሁ፦ ጥሩ የዲያሜትር ሜትርና የዛፍ ቁመት የሚለካ ክሊኖሜትር ግዙ፣ የተረፈውን ብር ለተጨማሪ ፕሎት፣ ማለትም ዛፎቹ ለሚለኩበት የናሙና ቦታ፣ አውሉት። የሌዘር ቁመት መለኪያው ይቆይ።

ምክንያቱ ያለው ቀመሩ ውስጥ ነው። ዛፉን ቆርጠን አንመዝነውም፤ ውፍረቱን ከመሬት 1.3 ሜትር ከፍታ ላይ እንለካና ክብደቱን በአሎሜትሪክ ቀመር እንገምታለን። ብዙ ሰው የሚጠቀምበት ሻቭና ባልደረቦቹ በ2014 (እ.ኤ.አ.) ያወጡት ይሄ ነው፦

```
AGB = 0.0673 × (ρ × D² × H)^0.976
```

AGB ከመሬት በላይ ያለው የዛፉ ደረቅ ክብደት ነው፣ በኪሎ። ρ የእንጨቱ እፍግታ ነው፣ በግራም በኩቢክ ሴንቲ ሜትር። D ውፍረቱ በሴንቲ ሜትር፣ H ቁመቱ በሜትር። አንድ ጽድ እንውሰድ፦ ውፍረቱ 30፣ ቁመቱ 15፣ እፍግታው ደግሞ 0.54 ነው እንበል። ወደ 396 ኪሎ ይመጣል። ከደረቁ ክብደት ካርቦን በሚሆነው ድርሻ፣ በ0.47፣ ስናባዛው 186 ኪሎ ካርቦን ነው።

አሁን ውፍረቱን በስህተት 31 ብላችሁ ብትጽፉ ውጤቱ በ6.6 በመቶ ያድጋል። ቁመቱን 16 ብትሉት በ6.5 በመቶ። ማለትም እዚህ ዛፍ ላይ አንዲት ሴንቲ ሜትር የአንድ ሙሉ ሜትር ቁመት ያህል ዋጋ አላት፤ ስለዚህ መጀመሪያ ውፍረቱ ላይ እንጠንቀቅ።

የልብስ ሰፊ ሜትር ርካሽ ነው፣ የትም ይገኛል። ግን 150 ሴንቲ ሜትር ላይ ስለሚያልቅ ውፍረቱ ከ48 ሴንቲ ሜትር ገደማ ያለፈ ዛፍ አይዞርለትም፣ ጨርቁም ሲቆይ ይለጠጣል። ከሁሉ የሚከፋው ግን የሚሰጣችሁ ዙሪያውን እንጂ ውፍረቱን አለመሆኑ ነው። ለ3.1416 ማካፈል የረሳ ሰው ዙሪያውን እንዳለ D ብሎ ካስገባ ክብደቱ ከ9 እጥፍ በላይ ይሆናል! ደግነቱ ይሄ ስህተት አይደበቅም፤ መዝገቡ ላይ አጠገብ ለአጠገብ የቆሙ ቀጫጭን ባህር ዛፎች ሁሉ 40 እና 50 ሴንቲ ሜትር ሆነው ካያችሁ እሱ ነው።

የዲያሜትር ሜትር ማካፈሉን ራሱ ጨርሶ ስለሚመጣ ዛፉን ታዞሩታላችሁ፣ ውፍረቱን ታነባላችሁ፣ አለቀ። ሆኖም ሁለት ነገር ያሳስተዋል። አንደኛው ከዛፉ ጀርባ ዝቅ ብሎ መዞሩ ነው፤ የተንጋደደ ሜትር ሁልጊዜ ወደ ላይ ነው የሚያሳስተው፣ ስለዚህ አንድ ሰው ዞሮ ይይላችሁ። ሁለተኛው ልጣጩ ነው። የባህር ዛፍ ልጣጭ ተላቆ ስለሚንጠለጠል ሳታነሱት ከለካችሁ የለካችሁት አየር ጭምር ነው።

ካሊፐር ደግሞ ፈጣን ነው፣ ቀጫጭን ባህር ዛፍ ላይ እጅግ ይመቻል። ችግሩ ሰው አንዴ ለክቶ ማለፉ ነው። ግንዱ ሞላላ ሆኖ በአንድ ወገን 28፣ በሌላው 34 ቢሆን ትክክለኛው ውፍረት 31 ገደማ ነው፤ በሰፊው ወገን ብቻ የለካ ሰው ክብደቱን በ21 በመቶ ያሳድገዋል፣ በጠባቡ የለካ በ17 በመቶ ያሳንሰዋል። ያንኑ ግንድ በዲያሜትር ሜትር ብታዞሩት ስህተቱ በውፍረቱ ላይ 1 በመቶ አይሞላም። ስለዚህ ካሊፐር የገዛ ሰው ሁለት ጊዜ፣ በመስቀለኛ መለካት አለበት፤ ያን ጊዜ ፍጥነቱም ግማሹ ይጠፋል። ካሊፐር በእውነት የሚበልጥበት ቦታ ግንዱ ጎድጎድ ያለ ያረጀ ጽድ ነው፣ ምክንያቱም ሜትሩ ጎድጓዳውን ተሻግሮ ስለሚያልፍ ውፍረቱን ያጋንነዋል። የሚያናድደው እንዲህ ያለው ጽድ ብዙ ጊዜ ከካሊፐሩ አፍ ይበልጣል።

ወደ ቁመቱ እንምጣ። ቁመት የማይጠይቁ ቀመሮች አሉ፤ ለምሳሌ በ2012 (እ.ኤ.አ.) በምዕራብ ኬንያ የእርሻ መሬት ላይ ካሉ ዛፎች የተሠራው 0.0905 × D^2.4718 ነው። ለ30 ሴንቲ ሜትር ዛፍ 405 ኪሎ ይሰጣል፣ ከላይ ካገኘነው 396 ጋር ገጠመ ማለት ነው። ግን ያው ጽድ ነፋስ የሚመታው ጠርዝ ላይ በቅሎ ቁመቱ 10 ሜትር ብቻ ቢሆንስ? ባለ ቁመቱ ቀመር ወደ 267 ኪሎ ይወርዳል፣ ሌላኛው አሁንም 405 ይላል። በከተማው ዙሪያ ባሉ ተራሮች ላይ ያለው ዛፍ ቁመቱ ከቦታ ቦታ ስለሚለያይ ቁመት መለካቱን አትተዉ።

ባለ መቶኛ ክሊኖሜትር ለዚህ ይበቃል። ከዛፉ በአግድም 20 ሜትር ራቁ፤ ጫፉ +68፣ ሥሩ −7 ካለ ልዩነታቸው 75 በመቶ ነው፣ የ20 ሜትር 75 በመቶ ደግሞ 15 ሜትር። ዳገት ላይ ተጠንቀቁ። ሜትሩን መሬቱን ተከትላችሁ ከዘረጋችሁት 30 በመቶ ዳገት ላይ 20 ሜትር ያላችሁት በአግድም 19.2 ነው፣ ቁመቱም በ4 በመቶ ተጋነነ። ሌዘር ይህን ማስተካከያ ራሱ ይሠራል፣ ጊዜም ይቆጥባል። ግን ጥቅጥቅ ያለ ባህር ዛፍ ውስጥ ጨረሩ ፊት ለፊት ያለ ቅጠል መትቶ ይመለሳል፤ ርቀቱን በዓይናችሁ ካልገመታችሁ ደግሞ አታውቁበትም።

አሁን ብሩ የት እንደሚሻል ልንገራችሁ። የሻቭ ቀመር ለአንድ ዛፍ ብቻ ከሆነ በጣም ሰፊ ነው፦ 396 ያልነው በ95 በመቶ እርግጠኝነት በግምት ከ200 እስከ 800 ኪሎ ሊሆን ይችላል። ብዙ ዛፍ ሲደመር ይሄ እርስ በርሱ ይጠፋፋል። የማይጠፋፋው የፕሎቶች ልዩነት ነው። በሄክታር 62፣ 95፣ 71፣ 110፣ 48፣ 84፣ 77 እና 101 ቶን ካርቦን የሰጡ 8 ፕሎቶች አሉን እንበል። አማካዩ 81፣ መደበኛ ልዩነቱ 20.7 ነው። ለ8 ካሬ ሥር ስናካፍለው 7.3፣ ለ8 ፕሎት በሚሆነው የ95 በመቶ ማባዣ፣ በ2.365፣ ስናባዛው 17። ስለዚህ የምንጽፈው 81 ± 17 ቶን ነው፣ ማለትም 21 በመቶ። ልዩነቱ እንዳለ ቢቆይና ፕሎቶቹ 16 ቢሆኑ ± 11 ይሆናል። የቱም ሌዘር ይህን ያህል አያጠብላችሁም።

ይሄ ± ግን የቀመሩን ማጋደል አይይዝም። ቀመሩ ለደናችሁ ካልሆነ ሺህ ፕሎት ብትጨምሩም ሁሉም ወደ አንድ ወገን ይሳሳታሉ። የሻቭ ቀመር የተሠራባቸው ዛፎች 4,004 ናቸው፣ የመጡትም ከተፈጥሮ ደን ነው፤ ስለዚህ ለጽድና ለወይራ ተጠቀሙበት፣ ከጉቶ ላቆጠቆጠ የተተከለ ባህር ዛፍ ግን ለራሱ የተሠራ ቀመር ፈልጉ። እዚያ ላይ እያንዳንዱን ቡቃያ ለየብቻው ለኩ፣ ጉቶውን አትለኩ። ሪፖርታችሁ ውስጥም የቀመሩን ስም፣ እፍግታውን ከየት እንዳገኛችሁ፣ የፕሎቱን ብዛት፣ ± 17 የ95 በመቶ ክልል መሆኑንና የናሙናውን ስህተት ብቻ እንደሚይዝ ጻፉ። ከተቻለ ያንኑ መረጃ በሁለተኛ ቀመር አስልታችሁ ሁለቱንም ቁጥር ጎን ለጎን አስቀምጡ።