ላጲስ የሚከለክሉት አስጠኚ

ጋሼ ይህን እንደማያነቡት አውቃለሁ። ስልካቸው ያቺ ባለ ቁልፏ ናት። ግን ሳላመሰግን ብቀር ይቆጨኛል። ለሰባተኛና ለስምንተኛ ክፍል ልጅ የሒሳብ አስጠኚ የምትፈልጉ ካላችሁም ልጠቁማችሁ።

ልጄ ሰባተኛ ክፍል ናት። በፊት የነበረው አስጠኚ ሒሳቡን አሳምሮ ያውቀዋል። ግን ስህተት ሲያይ ላጲስ ያነሳና ሙልጭ አድርጎ ያጠፋዋል። ከዚያ ራሱ ከመጀመሪያው ጀምሮ ይሠራላታል። እሷም "ገባኝ" ትላለች። ደብተሯ ጽድት ያለ ነው፤ እኔም እሱን እያየሁ ደስ ይለኝ ነበር። ፈተና ላይ ግን ያንኑ ስህተት ይዛ ትመጣለች።

ጋሼ ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር ናቸው። ገና በመጀመሪያው ቀን የድሮ የፈተና ወረቀቶቿን አስመጧት። "ላጲሱን ለእናትሽ ስጪያት" አሏት። ከዚያ ኤክስ የበዛበትን ወረቀት መርጠው ጠረጴዛው ላይ ዘረጉት። እሷ የጻፈችው ይሄ ነበር፦

```
3(x − 4) − 2(x − 5) = 7
3x − 12 − 2x − 10 = 7
x − 22 = 7
x = 29
```

መጀመሪያ 29ን በ x ቦታ እንድትከት አደረጓት። 3 ጊዜ 25፣ 75። 2 ጊዜ 24፣ 48። ሲቀናነስ 27። "7 መምጣት ነበረበት። መንገድ ላይ የሆነ ቦታ ወድቀሻል፤ የት እንደሆነ እንፈልግ" አሉ። ጣታቸውን አራተኛው መስመር ላይ አድርገው ወደ ላይ መውጣት ጀመሩ። ይሄ ከበላዩ ካለው ይወጣል? ይወጣል። ሦስተኛውስ ከሁለተኛው? አዎ። ሁለተኛው ከመጀመሪያው? እዚህ ጋ ልጄ ዝም አለች።

−10 ላይ በእርሳስ አከበቡ። "ይቺን እንዴት አገኘሻት?"

"2 ጊዜ 5፣ 10። ማይነሱ እዚያው ስለነበር እንዳለ ጻፍኩት።"

አያችሁ፣ ይህን መልስ አዲስ ወረቀት ላይ ቢሠሩላት ኖሮ መቼም አንሰማውም ነበር። ልጅቷ ቅንፉ ውስጥ ያለውን ማይነስ አይታለች፤ ከ2 ፊት ያለውን ግን ረስታዋለች። ጋሼ ከ −2 ወደ x አንድ ቀስት፣ ወደ −5 ሌላ ቀስት ሳሉ። ማይነስ በማይነስ ሲባዛ ፕላስ መሆኑን ራሷ ነገረቻቸው፤ ታውቀዋለች! ከተሳሳተው መስመር ጎን +10 ብላ ጻፈችና x = 9 አገኘች። ብትከተው 15 ሲቀነስ 8፣ 7 መጣ። አሮጌው ሥራዋ ጎን ጋሼ "ከዚህ በታች ያለው አካሄድ ልክ ነው" ብለው ጻፉላት። ኢኩዌሽን አልችልም ስትለኝ የከረመችው በዚህች አንድ ምልክት ነው።

ጋሼ ግን በዚህ አላለፉትም። ስህተቱ መዘናጋት ይሁን አለማወቅ የሚለየው ተመሳሳይ ጥያቄ ሲሰጥ ነው ይላሉ። 5(x − 2) − 3(x − 1) = 1 ሰጧት። እንደገና −3 ብላ x = 7 አለች። እሳቸው ምንም አልተናገሩም። ልጄ ራሷ 7ን ከታ 25 ሲቀነስ 18 ስታደርግና 1 ሳይሆን 7 ሲመጣባት "ኧረ ያው ነገር ነው!" ብላ ጮኸች። አስተካክላ 4 አገኘች።

በጣም የገረመኝ ደግሞ ራይት የተደረገውንም ማየታቸው ነው። 2² = 4 የሚል ነበር። እንዴት እንዳገኘችው ጠየቋት። "2 ጊዜ 2።" ሁለቱ ሁለቶች ከየት መጡ? "አንዱ ከታች፣ አንዱ ከላይ።" 5²ስ? "አስር።" እኔ ወጥ ቤት ሆኜ ነበር፤ ሳቄን ዋጥኩት። ያ ራይት ለስንት ጊዜ እንደሸወደን እንጃ።

አሁን ደግሞ ሐቁን ልንገራችሁ። ጋሼ ቀርፋፋ ናቸው። በአንድ ሰዓት ተኩል አምስት ስድስት ጥያቄ ካዩ ብዙ ነው። ነገ ፈተና ላለበት ልጅ አይሆኑም። የቤት ሥራም አይሠሩም፤ ልጁ ባዶ ወረቀት ይዞ ከመጣ "ሞክርና ና" ብለው ይመልሱታል። በእስክሪብቶ መጻፍ ግዴታ ነው፤ ስህተት በአንድ ሰረዝ ይሰረዛል እንጂ አይደለዝም፣ መነበብ አለበት። የልጄ ደብተር አሁን ሰረዝና ቀስት ብቻ ነው። አባቷ አይቶ ደንግጦ ነበር።

ስልካቸውን እንድሰጥ ፈቅደውልኛል፤ የሚፈልግ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ። ቅዳሜ ከሰዓት ሞልቶባቸዋል፣ እሁድ ግን ቦታ አለ። ስትሄዱ የልጃችሁን የድሮ ፈተና ወረቀት ከነኤክሱ ያዙ።