ኦፍሴት ወይስ ከርሰር? ገጽ ሲገለጥ መዝገብ የሚዘለለውና የሚደገመው ለምንድን ነው

አንድ ጊዜ ለደንበኞች መልእክት የሚልክ ትንሽ ፕሮግራም ጽፌ ነበር። ወረፋ የያዙት መልእክቶች 1000 ነበሩ። ፕሮግራሙ ያልተላኩትን 100 በ100 እያነሳ ይልካል፤ የላከውንም «ተልኳል» ብሎ ይመዘግባል። ሥራው አንድም ስህተት ሳያሳይ ተጠናቀቀ። የተላከው ግን 500 ብቻ ነበር።

ገጹን የምገልጠው በኦፍሴት ነበር። ኦፍሴት ዳታቤዙን «ከላይ ይህን ያህል ረድፍ ቆጥረህ ዝለል፤ ቀጣዮቹን ስጠኝ» ይለዋል። የመጀመሪያዎቹ 100 ሲላኩ ካልተላኩት ዝርዝር ወጡ፤ 101ኛው የነበረው መልእክት 1ኛ ሆነ። ፕሮግራሙ ይህን አያውቅምና 100 ዘለለ፤ ከ101 እስከ 200 ያሉት በዚያው ቀሩ። ስድስተኛው ጥያቄ «500 ዝለል» ሲል የቀሩት ራሳቸው 500 ስለነበሩ መልሱ ባዶ መጣ፤ ፕሮግራሙም ሥራው ያለቀ መሰለው።

መደገሙ የዚሁ ተቃራኒ ነው። አዲሱ ከላይ በሚቀመጥበት የዜና ዝርዝር፣ አንባቢው አንደኛውን ገጽ ሲያነብ 3 አዳዲስ ዜናዎች ቢገቡ፣ የሁለተኛው ገጽ የመጀመሪያ 3 ዜናዎች ቀድሞ ያነበባቸው ይሆናሉ።

ከርሰር ቦታ አይቆጥርም፤ መጨረሻ ያየውን መዝገብ ይዞ «ከዚህ በኋላ ያሉትን» ይላል። ከላይ ቢጨመርም ቢሰረዝም መነሻው አይናጋም።

```sql
SELECT id, created_at, title
FROM posts
WHERE (created_at, id) < ('2024-05-01 10:00:00', 812)
ORDER BY created_at DESC, id DESC
LIMIT 10;
```

`id` እዚህ የገባው ለጌጥ አይደለም። በሰዓቱ ብቻ ብናወዳድር፣ በአንድ ሰከንድ ከተመዘገቡ ዜናዎች ገጹ መካከላቸው ላይ ሲያበቃ የቀሩት ይዘለላሉ፤ በ`<` ፈንታ `<=` ብናደርግ ደግሞ ያየናቸው ይደገማሉ። በሁለቱ ዓምዶች ላይ ኢንዴክስ ካለ ዳታቤዙ በቀጥታ ከቦታው ይነሣል። 100000 ዝለል የተባለ ኦፍሴት ግን ያንን ሁሉ ረድፍ አንብቦ ይጥለዋል።

ከርሰርም ዋጋ ያስከፍላል። ሰባተኛውን ገጽ በቁጥር መርጦ መክፈት አይቻልም። ዝርዝሩ የተደረደረው በሚለዋወጥ ዓምድ፣ ለምሳሌ በ`updated_at` ከሆነ ደግሞ፣ በንባብ መካከል የታረመ መዝገብ የቆምንበትን መስመር ተሻግሮ ሊሰወር ወይም ሁለት ጊዜ ሊታይ ይችላል።

ጥቂት መቶ ረድፍ ላለው፣ የገጽ ቁጥር ለሚፈለግበት የአስተዳዳሪ ሠንጠረዥ እኔ ኦፍሴትን እመርጣለሁ፤ ቀላል ነው፣ አንድ ረድፍ ቢደገምም የሚከፋ ሰው የለም። በስልክ ላይ ያለማቋረጥ ለሚወርድ ዝርዝር፣ መረጃ ለመገልበጥና እንደኔው ላለ ላኪ ፕሮግራም ግን ከርሰር ነው። መጀመሪያ ኦፍሴቱን አጥፍቼ ሁልጊዜ የመጀመሪያዎቹን 100 ላንሣ ብዬ ነበር፤ ቁጥራቸው የተሳሳተ ደንበኞች መልእክት አልላክ እያለ ከላይ ስለሚቆይ ፕሮግራሙ እነሱኑ መልሶ መላልሶ መሞከሩን ቀጠለ። በመጨረሻ በ`id` ደርድሬ፣ ከመጨረሻው `id` የሚበልጡትን ብቻ እንዲያነሣ አደረግሁት።